የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እናት ማን ናት?

በ07 የሚጀምር የሞባይል ቁጥር የያዘ ሁሉ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያን ያውቃል። ድርጅቱ የማን እንደሆነ ቢጠየቅ ግን መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። አንዱ የኬንያውያን ነው ይላል። ሌላው ከጀርባው የእንግሊዙ ቮዳፎን እንዳለ ይናገራል። የጃፓኖች ገንዘብ እንዳለበት የሰማም አይጠፋም። ሦስቱም ከእውነቱ ቁራጭ ይዘዋል፤ ሁሉም በየደረጃው የባለቤትነት ድርሻ አላቸውና። ባለድርሻ መሆንና እናት ኩባንያ መሆን ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባለድርሻ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ኩባንያ በቀጥታ የሚታዘዝላት እናት ግን አንድ ብቻ ናት፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለችም።

ከታች እንጀምር። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር መንግሥት ሁለተኛውን የቴሌኮም ፈቃድ በ850 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ፣ ገዢው ለዚሁ ሥራ የተሰባሰቡ ኩባንያዎች ቡድን ነበር። የኬንያው ሳፋሪኮም 55.7 በመቶ፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞ 27.2 በመቶ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ኢንቨስትመንት ተቋም 10.9 በመቶ፣ የደቡብ አፍሪካው ቮዳኮም 6.2 በመቶ ያዙ። በኋላ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ ገንዘብ አስገብቶ ባለአክሲዮን ሲሆን፣ የሳፋሪኮም ድርሻ ወደ 51.67 በመቶ ወረደ።

ድርሻው ወርዶም ከግማሽ በላይ መቆየቱን ልብ በሉ። በአክሲዮን ዓለም ከ50 በመቶ በላይ የሆነው ድርሻ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ልክ ስለሆነ ነው። ከግማሽ በላይ ድምፅ ያለው ሌሎቹ ሁሉ ቢያብሩበት እንኳ በተራ ውሳኔ አይሸነፍም። የዳይሬክተሮች ቦርዱን አብላጫ ይመርጣል፤ ቦርዱ ሥራ አስኪያጁን ይሾማል፣ በጀቱን ያጸድቃል። ልክ 50 በመቶ ግን ይህን አያስገኝም። ሁለት ሰዎች እኩል ቢይዙ አንዱ ሌላውን ማገድ ይችላል እንጂ ብቻውን መወሰን አይችልም። እናትነት ያለ ብዙ ክርክር የሚታወቀው ከግማሽ አንድ ድምፅ ሲያልፍ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚስተው ነገር አለ። እናት የሆነ ኩባንያ በዓመታዊ ሒሳቡ ላይ የሚያስገባው የተቀጥላውን ግማሽ አይደለም፤ ሙሉውን ነው። ሳፋሪኮም የኢትዮጵያው ድርጅት 51.67 በመቶ ብቻ ቢኖረውም ገቢውን፣ ወጪውንና ዕዳውን መቶ በመቶ ከራሱ ጋር ደምሮ አንድ የተጠቃለለ የሒሳብ መግለጫ ያወጣል። የሌሎቹ ባለአክሲዮኖች ድርሻ የሚነሣላቸው ከድምሩ በኋላ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ነው።

ይህ አሠራር አንዳንዴ እንቆቅልሽ የሚመስል ቁጥር ያስከትላል። እ.ኤ.አ. ማርች 2025 በተጠናቀቀው የሒሳብ ዓመት የሳፋሪኮም ቡድን ጠቅላላ የተጣራ ትርፍ ወደ 46 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ነበር። ከዚሁ ውስጥ ለሳፋሪኮም ባለአክሲዮኖች የሚደርሰው ደግሞ ወደ 70 ቢሊዮን ተብሎ ተጽፏል። ክፍሉ ከሙሉው እንዴት ይበልጣል? ነገሩ ስሕተት የለበትም። የኢትዮጵያው ሥራ ገና በግንባታ ላይ ስለነበር ከሰረ። ኪሳራው መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ተደምሮ የቡድኑን ትርፍ ወደ 46 አወረደው። ከዚያ ግን ሱሚቶሞና ሌሎቹ አናሳ ባለድርሻዎች ከኪሳራው የራሳቸውን ሸክም፣ ወደ 24 ቢሊዮን የሚሆነውን፣ ወሰዱ። ያ ሸክም ከሳፋሪኮም ባለአክሲዮኖች ትከሻ ሲነሣ የእነርሱ ድርሻ ወደ 70 ከፍ አለ። እናት ኩባንያ ሙሉ በሙሉ ታዛለች፤ የምታተርፈውና የምትከስረው ግን በድርሻዋ ልክ ነው።

የኢትዮጵያው ድርጅት እናት እንግዲህ ታወቀች፤ የኬንያዋ ሳፋሪኮም ናት። የእርሷስ እናት ማን ናት? ነገሩ የሚጠነክረው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ድረስ ከሳፋሪኮም አክሲዮን 60 በመቶው የኬንያ መንግሥት፣ 40 በመቶው ቮዳፎን ኬንያ የሚባል ኩባንያ ነበር። በዚያ ዓመት መንግሥት 25 በመቶውን በናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ ለሕዝብ ሸጠ። 10 ቢሊዮን አክሲዮን ነበር፤ የአንዱ ዋጋ 5 ሽልንግ። ከሽያጩ በኋላ መንግሥት 35፣ ሕዝብ 25፣ ቮዳፎን ኬንያ 40 በመቶ ያዙ። ቮዳፎን ኬንያ አንድ አክሲዮን ሳይጨምር ትልቁ ባለድርሻ ሆነ። ትልቁ መሆኑ ግን እናት አላደረገውም፤ መንግሥትና ሕዝብ ሲደመሩ 60 በመቶ ናቸውና። ከዚያ ሽያጭ በኋላ ሳፋሪኮም ትልልቅ ባለአክሲዮኖች ያሏት፣ እናት ግን የሌላት ኩባንያ ሆነች።

ቮዳኮም እ.ኤ.አ. በ2017 የቮዳፎን ኬንያን 87.5 በመቶ ከገዛ በኋላም ሳፋሪኮምን በሒሳቡ ያስቀመጣት እንደ ተጓዳኝ ኩባንያ እንጂ እንደ ተቀጥላ አልነበረም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ተቀጥላ ከሆነች ገቢዋ በሙሉ ይደመራል። ተጓዳኝ ስትሆን ግን ከትርፏ የሚደርሰው ድርሻ በአንድ መስመር ብቻ ይጻፋል። አገራችንም የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደንብ እንደሚለው፣ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ድምፅ ያለው ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ጉልህ ተጽዕኖ እንዳለው ይገመታል፤ የሚሰማ ድምፅ አለው፣ አዛዥ ግን አይደለም።

ታዲያ ከግማሽ በታች ይዞ እናት መሆን ፈጽሞ አይቻልም ማለት ነው? ይቻላል። አይኤፍአርኤስ 10 የተባለው ደንብ ራሱ ሁለት ምሳሌ ይሰጣል። በመጀመሪያው አንድ ባለሀብት 48 በመቶ ይይዛል፤ የቀረው በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች እጅ የተበታተነ ነው፣ ከእነርሱም አንዳቸው እንኳ ከ1 በመቶ በላይ የላቸውም፣ ተመካክረው ድምፅ የሚሰጡበትም መንገድ የለም። ይህ ባለሀብት እናት ነው። በሁለተኛው ደግሞ አንዱ 45 በመቶ ሲይዝ ሌሎች ሁለት ባለሀብቶች 26፣ 26 በመቶ አላቸው፤ የቀረው ጥቂት በሦስት ሰዎች እጅ ነው። ሁለቱ ብቻ ከተስማሙ ያሸንፉታልና እናት አይደለም። በሁለቱ መካከል የቁጥር ልዩነቱ 3 በመቶ ብቻ ነው፤ ፍርዱን የለወጠው የሌሎቹ አሰፋፈር ነው። በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ደንብ መያዝ ያለበት ነጥብ ይኸው ነው፤ ስንት እንደያዘ ብቻ ሳይሆን በተቃራኒው ወገን ማን እንደተቀመጠም መታየት አለበት። ቮዳፎን ኬንያ በ40 በመቶ እናት ያልሆነው 35 በመቶ የጨበጠ መንግሥት ከፊቱ ስለተቀመጠ ነው። ያ 35 በመቶ በሺህ ሰዎች እጅ ቢበተን ኖሮ መልሱ ሊለወጥ ይችል ነበር።

አንድ የተለመደ የስሌት ስሕተትም እዚሁ ላይ ይታረም። ሰዎች ድርሻዎችን እያባዙ እናትነትን ይፈልጋሉ። ሀ የለን 60 በመቶ፣ ለ የሐን 60 በመቶ ቢይዙ፣ ሀ ከሐ ትርፍ የሚደርሰው 36 በመቶ ነው። ስለዚህ ሀ አናሳ ነው ይላሉ። ትርፍ ይባዛል፣ ሥልጣን ግን አይባዛም። ሀ ለን ያዛል፣ ለ ሐን ያዛል፤ ስለዚህ ሀ የሐ የበላይ እናት ነው። ሰንሰለቱ የሚመረመረው ቀለበት በቀለበት ነው፤ አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ይቋረጣል። ቮዳፎን የቮዳኮምን፣ ቮዳኮም የቮዳፎን ኬንያን፣ ሳፋሪኮም የኢትዮጵያውን ድርጅት ከግማሽ በላይ ይዘዋል። የተበጠሰው ያ መካከለኛው የ40 በመቶ ቀለበት ብቻ ነበር።

በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ወር ይፋ የሆነው ስምምነት ያነጣጠረው በዚሁ ቀለበት ላይ ነው። ቮዳኮም ከኬንያ መንግሥት ተጨማሪ 15 በመቶ፣ ማለትም ወደ 6 ቢሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ34 ሽልንግ ሊገዛ ተስማማ። ዋጋው ወደ 204 ቢሊዮን ሽልንግ ይመጣል። ከቮዳፎን ኬንያም የቀረውን 12.5 በመቶ ሊጠቀልል ተስማማ። በስምምነቱ መሠረት ቮዳኮም 55፣ መንግሥት 20፣ ሕዝብ 25 በመቶ ይኖራቸዋል። ያኔ ሳፋሪኮም የቮዳኮም ተቀጥላ ትሆናለች፤ በእርሷ በኩል የእኛው አገር ድርጅትም እስከ እንግሊዙ ቮዳፎን በሚደርስ አንድ የእናትነት ሰንሰለት ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድም አክሲዮን አይሸጥም፤ የበላዩ እናት ግን ትለወጣለች።

የኬንያ መንግሥት የሚለቀው ከ15 በመቶው የሚያገኘውን ትርፍ ብቻ አይደለም። በኬንያ የኩባንያ ሕግ እንደ መተዳደሪያ ደንብ ማሻሻል ያለ ልዩ ውሳኔ ቢያንስ የ75 በመቶ ድምፅ ይጠይቃል። 35 በመቶ የያዘ ብቻውን እጁን አውጥቶ ያግዳል። 20 በመቶ የያዘ ግን ሁሉም ድምፅ ቢሰጥ አጋር ሳይፈልግ ማገድ አይችልም። አናሳ ድርሻም የራሱ መስመር አለው፤ ከሩብ በላይና ከሩብ በታች መሆን በዚያ አገር ሕግ በጣም ይለያያል። አናሳው ይህን የማገድ መብት መያዙ አብላጫውን እናት ከመሆን አይከለክለውም፤ የዕለት ሥራውን የሚመራው አሁንም አብላጫው ነውና። ባለአክሲዮኖቹ በውል ተስማምተው ዋና ዋና የሥራ ውሳኔዎች በሁሉም ፈቃድ ብቻ ይሁኑ ካሉ ግን ሌላ ነው። ያኔ 60 በመቶ የያዘውም ብቻውን እናት አይሆንም፤ ድርጅቱ የጋራ ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ በአናሳው ወንበር የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ተቋምም አለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በማላዊ አየር መንገድ 49 በመቶ፣ በዛምቢያው ደግሞ 45 በመቶ ድርሻ ይዞ ገብቷል። ከግማሽ በታች የሚቆመው ገንዘብ ስላጠረው ብቻ አይመስለኝም። በአገሮች መካከል የሚፈረሙት የበረራ ስምምነቶች በተለምዶ አየር መንገዱ በዋናነት በራሱ አገር ሰዎች እጅና ቁጥጥር ሥር እንዲሆን ይጠይቃሉ። የማላዊው አየር መንገድ ማላዊያዊ ሆኖ እንዲቀጥል አብላጫው በማላዊ በኩል መቅረት አለበት።

አክሲዮን ለመግዛት ወይም ከሌላ ጋር ድርጅት ለማቋቋም የምታስቡ አንባቢዎች፣ የሚሰጣችሁን የመቶኛ ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትፈርሙ። የቀረው ድርሻ በማን እጅ እንደሆነ፣ ቦርዱን ማን እንደሚመርጥ፣ ልዩ ውሳኔ ለማገድ ስንት ድምፅ እንደሚያስፈልግ መጀመሪያ ጠይቁ፤ መልሱንም በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ በዓይናችሁ አንብቡ።