የተሰበረ ፊደል፦ የትኛው ይመለሳል? የትኛውስ ጠፍቷል?

በአዲሱ ገበያ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ የማኅሌት ጽሑፎችን የያዘ ፍላሽ ዲስክ እንዳየው ተሰጥቶኝ ነበር። ሦስቱ ፋይሎች በትክክል አልተነበቡም። አንዱ ትርጉም በሌላቸው የላቲን ፊደላት ተሞልቷል፤ ሁለተኛው ከዳር እስከ ዳር የጥያቄ ምልክት ነው፤ ሦስተኛው ንባቡ ደኅና ሆኖ ሳለ በዜማ ምልክቶቹ ቦታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ይታያሉ። አንድ ዓይነት ብልሽት ቢመስሉም መንሥኤያቸውም መፍትሔያቸውም ይለያያል።

ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የፎንት አዘጋጆች የግእዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡት ነበር። የመጀመሪያው ፋይል የተተየበው እንዲህ ባለው የቀድሞ የፓወር ግእዝ ወይም የቪዥዋል ግእዝ ፎንት ነው። ኮምፒውተሩ የያዘው የላቲኑን ፊደል ስለሆነ፣ አዲስ ፎንት መምረጥ ምንም አይለውጠውም። ጽሑፉ ግን አልጠፋም። በፎንት መምረጫው ላይ የተጻፈውን የቀድሞ ስም ማየትና ለዚያው ፎንት በተዘጋጀ መለወጫ ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ያስፈልጋል። የፎንቱ ስም ከተሳሳተ ልወጣው ሌላ ፊደል ይሰጣል፤ ስለዚህ አንድ ገጽ ለውጦ ከታተመው ቅጂ ጋር ማስተያየት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «ሰ» በ`áˆ°` ተተክቶ ከታየና `á` በየፊደሉ ከተደጋገመ፣ ፋይሉ ዩኒኮድ ነው፤ የተሳሳተው አከፋፈቱ ብቻ ነው። ሲከፍቱት `UTF-8` መምረጥ ይበቃል። በድረ ገጽ ከሆነም ይህ መስመር በገጹ ራስ ላይ መኖር አለበት፦

```
<meta charset="utf-8">
```

የጥያቄ ምልክቱ ከሁሉ ይከፋል። የአማርኛ ጽሑፍ በኖትፓድ `ANSI` ተብሎ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ፊደል በእውነት `?` ይሆናል፤ ከዚያ ፋይል ምንም አይገኝም። የቀደመ ቅጂ ካልተገኘ እንደገና መተየብ ግድ ነው።

አራት ማዕዘኑ ግን አያስደነግጥም። ምልክቱ በፋይሉ ውስጥ አለ፤ ፎንቱ ነው ቅርጹ የጎደለው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋትና የመሳሰሉት በ2005 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 4.1 ከ`U+1390` እስከ `U+1399` ቦታ ተሰጥቷቸዋል። እነርሱን የያዘ እንደ `Abyssinica SIL` ያለ ፎንት ሲመረጥ ይታያሉ። በድረ ገጽ ሲሆን ፎንቱን ከገጹ ጋር መላክ ይሻላል፤ በአንባቢው ስልክ ላይ ላይኖር ይችላልና።

የሚቀረው ችግር አቀማመጡ ነው። በብራና መጻሕፍት ምልክቱ ከንባቡ በላይ በቀጭኑ ይሰፍራል፤ በዩኒኮድ ግን ራሱን የቻለ ምልክት ስለሆነ እንደ ፊደል በመስመሩ ውስጥ ይገባል። በድረ ገጽ ከንባቡ በላይ ለማውጣት እንዲህ ይጻፋል (ይዘትን ያስቀመጥሁት ለአጻጻፉ ምሳሌ እንጂ ለዜማው አይደለም)፦

```
<ruby>ሃሌ<rt>᎐</rt></ruby>
```