የማይደረመሰው ምሽግ

በቼዝ ንግሥት ያለው ተጫዋች ግንብ ብቻ የቀረውን ባላጋራውን አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል። ግንቡ አንድ ወታደር ካገኘ ግን ነገሩ ሊለወጥ ይችላል።

የጥቁሩ ንጉሥ g8 ላይ፣ ወታደሩ g7 ላይ፣ ግንቡ h6 ላይ ናቸው እንበል። ነጩ የቀሩት ንጉሡና ንግሥቱ ብቻ ናቸው። ወታደሩ f6ንም h6ንም ስለሚጠብቅ ግንቡ በሁለቱ መካከል ያለ ሥጋት ይመላለሳል። ስድስተኛውን ረድፍ ስለሚዘጋም የነጩ ንጉሥ ሊሻገር አይችልም። ንግሥቲቱ ደጋግማ ኪሽ ብትልም የጥቁሩ ንጉሥ ወደ h7 ገለል ብሎ ይመለሳል። ብቻዋን ደግሞ ማት ማድረግ አትችልም።

ታዲያ ነጩ ይቀጥል ወይስ አቻ ይቀበል? መጠየቅ ያለበት፣ ንጉሡ የሚገባበት በር አለ ወይ? ጥቁሩስ የማይጎዳው እንቅስቃሴ የሚያልቅበት ጊዜ ይመጣል? እዚህ የሁለቱም መልስ የለም ነው።

ነጩ አንድ ወታደር ቢኖረው ግን መሞከሩ ተገቢ ነው፤ ወታደሩ g5 ከደረሰ f6ንም h6ንም ስለሚያጠቃ ግንቡ ማረፊያውን ያጣል። ወታደር ከሌለ ተስፋው የባላጋራው ስህተት ብቻ ነው። ጥቁሩ ሰዓት ካጠረውና ጭማሪ ሰከንድ ከሌለ፣ ጥቂት መሞከር ነጩን አይጎዳውም። በየእንቅስቃሴው 30 ሰከንድ የሚጨመርለት ተጫዋች ግን ግንቡን በቀላሉ ያመላልሳል። ሁለቱም ያለ ወታደር እንቅስቃሴና ያለ መብላት 50 ጊዜ ከተጫወቱ ደግሞ አቻ መጠየቅ ይችላል።