እንቁላል በእርግዝና ወቅት፦ አዘገጃጀቱ፣ መጠኑና የማይተካው ነገር

በእርግዝና ክትትል ወቅት ስለ አመጋገብ ስንጠየቅ ብዙዎቻችን «እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን ይመገቡ» ብለን እናልፋለን። እናቲቱ እንቁላሉን እንዴት እንደምታዘጋጀው፣ ስንት እንደምትበላና ምን ጥቅም እንደምትጠብቅበት ግን አንጠይቅም። ይህን አለመጠየቅ የሚያስከትለውን ችግር ያስተዋልሁት በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ ነበር።

የ22 ዓመት ወጣት የሆነች የ26 ሳምንት ነፍሰ ጡር ሁለት ቀን የቆየ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ይዟት መጣች። የሄሞግሎቢን መጠኗ 9.8 ነበር። ስንጠይቃት ለአንድ ወር ያህል አማቷ «ደም ይሆንሻል» እያሉ በየማለዳው ሁለት ጥሬ እንቁላል በወተት መትተው ይሰጧት እንደነበር ነገረችን። የብረት እንክብሉንም ሆዷን ስላወካትና «እንቁላሉ ይበቃል» ስለተባለች ትታዋለች። የሰገራ ካልቸር ምርመራ በጤና ጣቢያው ስላልነበረ ሕመሙ ከእንቁላሉ የመጣ ነው ብሎ በማስረጃ ማረጋገጥ አልተቻለም። ሆኖም አዘውትራ ጥሬ እንቁላል መጠጣቷ ሳልሞኔላን እንድንጠረጥር የሚያደርግ ነበር። ፈሳሽ ተሰጥቷት፣ የፅንሱ የልብ ምትና የማኅፀን መኮማተር አብሮ ክትትል ተደርጎለት አገገመች።

ሳልሞኔላ በዛጎሉ ላይ ባለ ኩስ ብቻ የሚተላለፍ አይደለም። አንዳንዱ ዝርያ ዛጎሉ ሳይሠራ ገና በዶሮዋ የዕንቁላል ማፍሪያ ውስጥ ወደ እንቁላሉ ይገባል። ስለዚህ ንጹሕ፣ ያልተሰነጠቀና ትኩስ መሆኑ ጥሬውን ለመጠጣት ዋስትና አይሰጥም። በውኃ ውስጥ ተንሳፎ እንደሆነ መመልከትም የሚያሳየው እንቁላሉ መቆየቱን እንጂ ጀርም መኖር አለመኖሩን አይደለም። በእርግዝና ወቅት የሚከሰት ከባድ ተቅማጥና ትኩሳት የሰውነት ፈሳሽን ያሟጥጣል፤ ያለጊዜው ምጥ የመቀስቀስ ዕድልም አለው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ነጩም አስኳሉም እስኪጠነክር ማብሰል። በቀዝቃዛ ውኃ ተጥዶ ውኃው ከፈላ በኋላ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይቀቀል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ ጊዜውን ማሳጠር አይመከርም። ፍርፍር ከሆነ ፈሳሽ ነገር ሊቀርበት አይገባም፤ ጥብስ ከሆነ ተገልብጦ አስኳሉ ይብሰል። በዶሮ ወጥ ውስጥ ያለው እንቁላል አስቀድሞ የተቀቀለ በመሆኑ አስተማማኝ ነው፤ ያደረ ከሆነ ግን ወጡ እስኪፈላ ይሙቅ። የቆሸሸ እንቁላል ከመቀመጡ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ባይታጠብ ይሻላል፤ ውኃው ጀርሙን በዛጎሉ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ሊስበው ይችላልና። ጥሬው ይበልጥ ኃይል ይሰጣል የሚለው እምነትም ትክክል አይደለም። ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉን ሲጠቀም ከጥሬው የሚያገኘው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው።

ታዲያ እንቁላል የሚሰጠው ምንድን ነው? 40 ግራም ያህል የሚመዝን የሀገር ዶሮ እንቁላል 5 ግራም ያህል ጥሩ ፕሮቲን አለው። ከሌላ ምግብ በቀላሉ የማይገኘው ግን ኮሊን ነው። ይህ ንጥረ ነገር ለፅንሱ አንጎል እድገት የሚያስፈልግ ሲሆን፣ አንድ እንቁላል ለነፍሰ ጡር በቀን ከሚመከረው 450 ሚሊግራም ሩብ ያህሉን ይሸፍናል። የሚገኘውም በአስኳሉ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ነጩን ብቻ መርጦ መብላት ይህን ያስቀራል። ቫይታሚን ኤ እና ቢ12ም አለው።

ብረቱ ግን ጥቂት ነው። እናቲቱ ትጠጣቸው የነበሩት ሁለት እንቁላሎች በአንድነት ከ2 ሚሊግራም ያነሰ ብረት ነበራቸው። የቀን ፍላጎቷ 27 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከዚህም በላይ በአስኳሉ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ብረቱን አጥብቆ ስለሚይዘው ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው። ፎሌቱም እንዲሁ 20 ማይክሮግራም ቢሆን ነው፤ የሚፈለገው 600 ነው። እንቁላል የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብልን አይተካም።

ለአብዛኛዋ ጤናማ ነፍሰ ጡር በቀን አንድ በደንብ የበሰለ እንቁላል በቂና ተስማሚ ነው፤ ሌላ የፕሮቲን ምግብ ለምታጣ ሁለት ቢሆን አይከፋም። የስኳር ሕመም ወይም ከፍተኛ ኮሌስትሮል ያለባት በሐኪም ምክር መጠኑን ትወስን። የእንቁላል አለርጂ ያለባት በባቄላ፣ በምስርና በወተት ትካሰው። በአንዳንድ አካባቢ «ሕፃኑ ነጭ ነገር ተለጥፎበት ይወለዳል» በሚል እንቁላል የሚተዉ እናቶችም አሉ። ያ ነጭ ነገር የፅንሱን ቆዳ የሚጠብቅ ተፈጥሯዊ ቅባት እንጂ ከምግብ የመጣ አይደለም፤ እንቁላል ባልበላች እናት ልጅም ላይ ይታያል።

የዚያችን እናት ጉዳይ አማቷ በተገኙበት ተነጋገርንበት። እንቁላሉን አልከለከልንም፤ ተቀቅሎ በቀን አንድ እንዲሰጣት ተስማማን። እንክብሉን ደግሞ ከእራት በኋላ፣ ከሻይ፣ ከቡናና ከወተት አርቃ እንድትወስድ ሲነገራት የሆዷ መታወክ ቀነሰ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢኗ 11.1 ደረሰ። አማቷም «ጥሬውን ለእኔ አስቀርቼዋለሁ» አሉ፤ ያንንም እንዲተዉ መከርናቸው።