ከረጅም መጽሐፍ የአንድ ጉዳይ አሕጽሮት ስለ ማውጣት

የረጅም ጽሑፍ አሕጽሮት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው መላውን ጽሑፍ ከነአካሄዱ አሳጥሮ የሚያቀርብ ሲሆን፥ የደራሲውን ሐሳብና የክፍሎቹን መጠን ይጠብቃል። ሁለተኛው ግን ከመላው ጽሑፍ አንባቢው የሚፈልገውን አንድ ጉዳይ ብቻ መርጦ የሚያወጣ ነው። ሁለቱ በርዝመት ብቻ የሚለያዩ ቢመስሉም ሥራቸው የተለያየ ነው። በመጀመሪያው መሪው ደራሲው ነው፤ በሁለተኛው መሪው ጥያቄው ነው። ደራሲው በጥቂት መስመር ያለፈው ነገር በሁለተኛው ዐይነት ዋናውን ቦታ ሊይዝ፥ ብዙ ምዕራፍ የሰጠውም ነገር ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ከዚህም የተነሣ ይህ ዐይነቱ አሕጽሮት የራሱ የሆኑ ስሕተቶች አሉት። ዋናውን መጽሐፍ ያልያዘ አንባቢ እነዚህን ስሕተቶች ሊያያቸው አይችልም፤ ስለዚህ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው እየተቀዱ ይኖራሉ።

ለዚህ ሥራ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የፖርቱጋሉ ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መጽሐፍ ነው። አልቫሬዝ በሮድሪጎ ደ ሊማ ከተመራው መልእክት ጋራ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1520 ዓ.ም. ምጽዋ ደርሶ፥ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ከቈየ በኋላ በ1526 ዓ.ም. ተመልሷል። መጽሐፉ በሊዝቦን በ1540 ዓ.ም. ታተመ፤ ወደ እንግሊዝኛም ተተርጕሞ በ1881 ዓ.ም. ወጣ፥ ይኸውም ትርጕም በቤኪንግሃምና በሀንቲንግፎርድ ታርሞ በ1961 ዓ.ም. በሁለት ጥራዝ እንደገና ታትሟል። መጽሐፉ የጉዞ ታሪክ በመሆኑ ጉዳዮቹን በየአርእስታቸው አይለይም። ስለ አብያተ ክርስቲያናት፥ ስለ ሹማምንት፥ ስለ መንገድ፥ ስለ ገበያና ስለ ግብር ደራሲው ባየበት ቀንና ቦታ ተራ በተራ ይተርካል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ከዚህ መጽሐፍ ስለ ጨው ገንዘብ የተጻፈውን ብቻ ማግኘት ቢፈልግ፥ የሚፈልገውን አንድ ላይ ተሰብስቦ አያገኘውም።

የመጀመሪያው ሥራ አርእስቱን ወደ ጥያቄ መለወጥ ነው። «ጨው» የሚለው ቃል አርእስት እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር አይወስንም። ጥያቄው «በአልቫሬዝ ምስክርነት ጨው ለመገበያያ የሚያገለግለው በምን ቅርጽ ነበር? ከየት ወደ የት ይጓዝ ነበር? ዋጋውስ በመንገዱ ላይ እንዴት ይለወጥ ነበር?» ተብሎ ሲጻፍ ግን ወሰኑ ይታወቃል። በወጥ ውስጥ ስለሚገባው ጨው የተነገረ ቢገኝ ይቀራል፤ ስለ ጭነት ከብት የተነገረው ግን ጨውን የሚያጓጕዝ እስከ ሆነ ድረስ ይገባል። ይህ ጥያቄ ንባቡ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ላይ መስፈር ይገባዋል። ያለዚያ አጠናቃሪው በየገጹ የሚያስደንቀውን እየለቀመ፥ በመጨረሻው አርእስት የሌለው የማስታወሻ ክምር ይዞ ይቀራል።

ሁለተኛው ሥራ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ነው። ብዙዎች የቃላቱን ማውጫ ተመልክተው «ጨው» የሚለው ቃል የሚገኝበትን ገጽ ብቻ ይከፍታሉ። እንዲህ ያደረገ ሰው ስለ ጨው በሰፊው የተነገረበትን ክፍል በእርግጥ ያገኛል፤ ነገር ግን ያንን ክፍል ለመረዳት የሚያስፈልገውን ያጣል። ለምሳሌ አልቫሬዝ በሌላ ሥፍራ በአገሩ የተቀረጸ ገንዘብ እንደሌለና ወርቅ በሚዛን እንደሚሰጥ ይናገራል። በዚያ ስለ ጨው አንድም ቃል ባይኖር፥ የጨው ዋጋ በወርቅ ድሪም የሚቈጠርበትን ምክንያት የሚያስረዳው ይኸው ነው። እንዲሁም ስለ ገበያ ሲተርክ ሰዎች ዕቃን በዕቃ እንደሚለውጡ፥ ጨውም ከዕጣንና ከበርበሬ ጋራ ትንንሽ ነገር ለመግዛት እንደሚያገለግል ይጠቅሳል። ይህ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ካልተያዘ፥ ጨው ብቸኛው መገበያያ የነበረ ይመስላል።

ሦስተኛው ሥራ በየማስታወሻው ካርድ ላይ የነገሩን ምንጭ መለየት ነው። በካርዱ ላይ ገጹና ደራሲው በዚያን ጊዜ የነበረበት ሥፍራ ይጻፋል፤ ከዚያም ነገሩ «አየሁ» የተባለበት፥ «ይባላል» የተባለበት ወይም እንዲሁ የተነገረ መሆኑ ይታወቃል። አሕጽሮት በሚጻፍበት ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህች «ይባላል» የምትለው ቃል ናት፤ አጭር ስለሆነችና ሐሳብ የምትጨምር ስለማትመስል ትቀነሳለች። እርስዋ ስትቀነስ ግን ወሬው ምስክርነት ይሆናል። አልቫሬዝ የጨው ገንዘብ እስከ ማኒኮንጎ፥ ማለት በአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ እስካለው መንግሥት ድረስ እንደሚሄድ የጻፈው ሰዎች ይላሉ ብሎ ነው። ዳሞት ላይ አንድ ባሪያ በሦስት ወይም በአራት የጨው ድንጋይ ይገኛል የሚለውም የሰማው ነው። በቤተ መንግሥቱ ሠፈር በክረምት ጊዜ አንድ ድሪም ወርቅ አምስት ድንጋይ ሲያወጣ የነበረውን ግን እኔ አይቻለሁ ይላል። እነዚህን ሦስት ነገሮች በአንድ ዐይነት አነጋገር ደርድሮ የሚያቀርብ ሰው ደራሲው ራሱ የለየውን መልሶ ያደባልቃል።

በዚሁ ምስክርነት ውስጥ «ክረምት» የሚለው ቃል ሌላ አደጋ ይዟል። የአውሮፓ ቋንቋ የሚያነብ ተማሪ ቃሉን የብርድ ወራት ብሎ ወደ ታኅሣሥና ጥር ሊያዞረው ይችላል። አልቫሬዝ ግን በሌላ ምዕራፍ በዚህ አገር ክረምት የሚሉት ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው የዝናብ ጊዜ መሆኑን፥ በነዚያም ሦስት ወራት ሰው እንደማይጓዝ ያስረዳል። ወራቱን የቈጠረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ስለ ጨው የማይናገረው ይህ ምዕራፍ ከተነበበ በኋላ የዋጋው መወደድ ትርጕም ያገኛል፤ መንገድ ሲዘጋ ጨው ይወደዳል። ሆኖም ሁለቱን ነገሮች ያያያዘው አጠናቃሪው እንጂ ደራሲው ስላልሆነ፥ ይህን አሕጽሮቱ ግልጽ አድርጎ መናገር አለበት።

ስለ ቃላት አጠቃቀምም አንድ ነገር መጠበቅ ይገባል። አልቫሬዝ በዚህ ክፍል የሚናገረው ስለ ጨው «ድንጋይ» ነው፤ መጠኑንም አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ርዝመት፥ አራት ጣት ስፋትና ሦስት ጣት ውፍረት አድርጎ ይሰጣል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን «አሞሌ» ብሎ መተርጐም ቀላል ነው። ነገር ግን «አሞሌ» ሲባል አንባቢው ከኋለኞቹ ዘመናት የሚያውቀውን መጠንና ምንዛሬ አብሮ ያስባል። ስለዚህ በአሕጽሮቱ ውስጥ የደራሲው ቃልና ልክ እንዳለ ይቀመጣል፤ ከአሞሌ ጋራ ማነጻጸር ቢያስፈልግ ከአሕጽሮቱ ውጭ በሌላ አንቀጽ ይደረጋል። ስንዝሩንም ወደ ሴንቲሜትር መለወጥ፥ በዐይን የተገመተውን ነገር በመሣሪያ የተለካ ያስመስለዋል።

ካርዶቹ ከተሰበሰቡ በኋላ የሚደረደሩት በጥያቄው ቅደም ተከተል እንጂ በገጾቹ አይደለም። ከላይ የተጻፉት ሦስት ጥያቄዎች ቅርጽን፥ መንገድንና ዋጋን ስለሚጠይቁ፥ ድርሰቱም በዚሁ ይሄዳል። ሥራው ሲያልቅ የሚከተለውን ይመስላል።

«እንደ አልቫሬዝ ጽሑፍ ጨው በንጉሡ ግዛት ሁሉ እንደ ገንዘብ ይሄዳል፤ ከግዛቱ ውጭም እስከ ማኒኮንጎ እንደሚደርስ ሰዎች ነግረውታል። የሚሄደው አንድ ስንዝር ተኩል ያህል በሚረዝም፥ አራት ጣት በሚሰፋና ሦስት ጣት በሚወፍር ድንጋይ ነው። በመንገድ ላይ ሦስት መቶና አራት መቶ የሚሆኑ ጨው የተጫኑ ከብቶች፥ ጨው ለማምጣትም ባዶአቸውን የሚሄዱ ሌሎች አጋጥመውታል፤ የታላላቅ መኳንንት ናቸው ተብሏል። ሃያና ሠላሳ ከብት የሚነዱ ነጋዴዎችና በራሳቸው የሚሸከሙ ሰዎችም ነበሩ። ጨው ከሚወጣበት ሥፍራ አንድ ድሪም ወርቅ 120 ወይም 130 ድንጋይ ያወጣል፤ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቀው ገበያ አምስት ወይም ስድስት ይቀንሳል፤ ከገበያ ወደ ገበያም እየቀነሰ ሄዶ በቤተ መንግሥቱ ሠፈር ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ይሆናል። በክረምት አምስት ሲሆን ደራሲው አይቷል። ዳሞት ላይ አንድ ባሪያ በሦስት ወይም በአራት ድንጋይ እንደሚገኝ ሰምቷል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ «የጨው ዋጋ በመንገዱ ላይ ሃያ እጥፍ ያህል ይጨምር ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር የለም። ስሌቱ ልክ ነው፤ 120ን ለ6 ያካፈለ ሰው ያገኘዋል። ነገር ግን «ሃያ እጥፍ» የአልቫሬዝ ቃል አይደለም፤ በአሕጽሮቱ ውስጥ ከገባ የሚቀጥለው ጸሐፊ የአልቫሬዝ ቃል አድርጎ ይጠቅሰዋል። ከዚህም በላይ ደራሲው ጨው በሚወጣበት ሥፍራ ተገኝቶ ዋጋውን ማየቱን በዚያ ክፍል አይናገርም፤ ስለዚህ ስሌቱ የሚያገናኘው በምስክርነት እኩል መሆናቸው ያልታወቀ ሁለት ቁጥሮችን ነው። እንዲህ ያለው ስሌት ከአሕጽሮቱ በታች የአጠናቃሪው አስተያየት ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል።

የተጠናቀቀውን ሥራ ለመመርመር ሁለት ፈተና ይበቃል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ወደ ካርዱ፥ ካርዱም ወደ ገጹ ይመለሳል፤ ገጽ የሌለው ዐረፍተ ነገር ከሌላ ንባብ ወይም ከአጠናቃሪው አእምሮ የመጣ ነውና ይወጣል። ቀጥሎም ሥራውን ያላየ ሰው መጽሐፉን በመካከሉ ከፍቶ ጥቂት ገጾች እንዲያነብና ጥያቄውን የሚነካ ያገኘውን እንዲያመለክት ይደረጋል። እርሱ ያገኘው ከካርዶቹ መካከል ከሌለ፥ የጐደለው ያ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ንባቡ በሙሉ ይደገማል። የመጀመሪያው ፈተና ያለአግባብ የተጨመረውን፥ ሁለተኛው ሳይታይ የቀረውን ያሳያል።

በመጨረሻም በአሕጽሮቱ ራስ ላይ ጥያቄውና የተነበበው እትም ይጻፋሉ። ራሙዚዮ በ1550 ዓ.ም. በኢጣልያንኛ ያሳተመው የአልቫሬዝ ጽሑፍ ከሊዝቦኑ እትም በየቦታው ስለሚለይ፥ እትሙ ያልተነገረ አሕጽሮት ሊመረመር አይችልም። ጥያቄው በራስጌ መጻፉም የሥራውን ወሰን ይጠብቃል። ስለ ጨው ገንዘብ የወጣው ጽሑፍ ስለ ንግድ በጠቅላላው ወይም ስለ ባሪያ ፈንጋይ ዘመን ለሚጠይቅ ሰው መልስ አይሆንም። በአሕጽሮቱ ውስጥ ያልተገኘ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ የለም ማለት ስላልሆነ፥ ሌላ ጥያቄ የያዘ ተማሪ ወደ መጽሐፉ ተመልሶ ንባቡን ከመጀመሪያው ገጽ መጀመር አለበት።