ከጥቅል እስከ የተጣራ፦ የደመወዝ ወረቀት አነባበብ

በወሩ መጨረሻ ሙጃ ከተማ ያለ የግዳን ወረዳ ሠራተኛ ስልኩ ላይ ከባንክ የሚደርሰው መልእክት አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ይመጣል፤ የተጣራ ተከፋዩን። ያ ቁጥር እንዴት እንደተገኘ የሚናገረው ፋይናንስ የሚያዘጋጀው ፔሮል ነው። ወረቀቱን በእጁ የያዘ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ቢከተለው እያንዳንዱን ቁጥር ራሱ ማስላት ይችላል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የወረዳ ባለሙያ እንውሰድ። የመጀመሪያው ዓምድ መነሻ ደመወዝ ነው፤ 11,500 ብር እንበል። ቀጥሎ አበሎቹ ይመጣሉ፦ የቤት አበል 1,000 ብር፣ የትራንስፖርት አበል 600 ብር። ሲደመር 13,100 ብር ጥቅል ክፍያ ይሆናል። አበሎቹ ጎን ለጎን ይጻፉ እንጂ በሕግ ፊት እኩል አይደሉም። የቤት አበል እንደ ደመወዝ ግብር ይከፈልበታል። የትራንስፖርት አበል ግን መመሪያው ከወሰነው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ ከግብር ነፃ ነው። ስለዚህ ለባለሙያችን ግብር የሚታሰብበት ገንዘብ 12,500 ብር ነው። ፔሮሉ ላይ «ግብር የሚከፈልበት» የሚለው ዓምድ ከጥቅሉ የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተቀናሾቹ ትልቁ የሥራ ግብር ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የተሻሻለው አዋጅ ገቢውን በእርከን ይከፍለዋል። የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ ስለሚታሰብበት 300 ብር፣ እስከ 7,000 ያለው በ20 በመቶ 600 ብር፣ እስከ 10,000 ያለው በ25 በመቶ 750 ብር ይሆናል። የቀረው 2,500 ብር 30 በመቶ ሲታሰብበት 750 ብር ይመጣል። ድምሩ 2,400 ብር ነው። የሒሳብ ሠራተኞች ይህን ሁሉ አይደረድሩም፤ 12,500ን በ30 በመቶ አባዝተው 1,350 ይቀንሳሉ፤ መልሱ ያው ነው።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። «ደመወዜ ቢጨምር እርከኑ ከፍ ብሎ የሚደርሰኝ ያንሳል» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ከፍተኛው መቶኛ የሚያርፈው ከእርከኑ መነሻ በላይ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው፤ የታችኛው እንደነበረ ይቆያል።

ቀጥሎ የጡረታ መዋጮ አለ። ሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጥበታል፤ የሚታሰበውም በመነሻ ደመወዙ ላይ ብቻ ስለሆነ ከ11,500 ብር 805 ብር ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,265 ብር፣ ከራሱ በጀት ይጨምራል። ይህ ሁለተኛ ቁጥር በፔሮሉ ላይ ቢታይም ከሠራተኛው ኪስ አይወጣም። ወደፊት የሚከፈለው የጡረታ አበልም በመነሻ ደመወዝ ስለሚሰላ፣ በአበል ያደገ ክፍያ የዛሬውን ቤት ይደጉም ይሆናል እንጂ ጡረታን አያሳድግም።

ብዙ ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ጡረታውን መጀመሪያ ቀንሶ በቀረው ላይ ግብሩን ያሰላና «በ241 ብር ከ50 ሳንቲም በዝቶብኛል» ይላል። አልበዛበትም። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ግብር የሚታሰብበትን ገቢ አይቀንስም፤ ግብሩ ግብር ከሚከፈልበት ገንዘብ፣ ጡረታው ከመነሻ ደመወዝ ተነሥተው ለየብቻ ይሰላሉ።

የመጨረሻዎቹ ዓምዶች ሠራተኛው ራሱ የፈረመባቸው ናቸው፦ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የብድር ክፍያ፣ የማኅበር መዋጮ። ባለሙያችን በወር 500 ብር ይቆጥባል እንበል። ተቀናሹ በጠቅላላ 3,705 ብር ይሆናል፤ ከ13,100 ሲነሣ 9,395 ብር ይቀራል። የባንኩ መልእክት ይህን መሆን አለበት።

ካልሆነ ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ በአንዱ ይገኛል። አንደኛው በአሮጌው ሰንጠረዥ ማስላት ነው፤ በዚያ ስሌት የዚህ ሰው ግብር 2,875 ብር ይሆን ነበር፤ 475 ብር ብልጫ አለው። ሁለተኛው ከግብር ነፃ የሆነውን አበል ግብር ከሚከፈልበት ጋር መደመር ነው። በምሳሌያችን 600ው ብር ቢጨመር ግብሩ በ180 ብር ይበዛል። ሦስተኛው ተከፍሎ ያለቀ ብድር መቆረጡን ሲቀጥል ነው።

ስለዚህ ከፋይናንስ ክፍል የወሩን ዝርዝር ጠይቀው ይያዙ፤ ካለፈው ወር ጋር ዓምድ በዓምድ ያስተያዩ። የተለወጠው ቁጥር የቱ እንደሆነ ካወቁ፣ የሚጠይቁትም ጥያቄ ስለዚያ አንድ መስመር ብቻ ይሆናል።