የሯጭ ውጋት፦ መነሻው ትንፋሽ ነው ወይስ ሆድ?

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ የሚወስደው አስፋልት መሸንቲን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ መንገድ ዳር በማለዳ የሚሮጥ አንድ ወጣት አለ እንበል። ከቤት ሳይወጣ ግማሽ ሊትር ያህል በሶ በስኳር በጥብጦ ጠጥቷል፤ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ሩጫ ጀምሯል። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከጎድን አጥንቱ ሥር በስተቀኝ በስለት የተወጋ ያህል ያመዋል። አብሮት የሚሮጠው ጓደኛው ወዲያው «ትንፋሽህን አስተካክል፤ በአፍንጫህ ሳብ፣ በአፍህ አውጣ» ይለዋል። ሯጭ ሁሉ የሚሰጠው ምክር ይህ ነው፤ የተያዘን ውጋት ለማስታገስም የተወሰነ ጥቅም አለው። ውጋቱን ያመጣው ግን የትንፋሹ አወሳሰድ ሳይሆን የጠጣው በሶና የሰውነቱ አያያዝ መሆኑን የሚያመለክት ማስረጃ ይበዛል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ትንፋሹን ብቻ የሚወቅስ ሯጭ ነገም ያንኑ በሶ በዚያው ሰዓት ይጠጣልና።

ትንፋሽ የተጠረጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም የተባለው ጡንቻ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይሠራል። ስንሮጥ ደም ወደ እግር ስለሚያመዝን ይህ ጡንቻ የደም እጥረት ገጥሞት ይቆረጥማል የሚለው ማብራሪያ ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት ነበረው። ዳረን ሞርተንና ሮቢን ካሊስተር የተባሉ አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች ግን ሰዎች በውጋት ተይዘው ሳሉ የሳንባቸውን አሠራር ሲለኩ የጎላ መዳከም አላገኙም። ድያፍራሙ የቆረጠመ ሰው እንደ ወትሮው አየር መሳብና ማስወጣት ባልቻለ ነበር። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሌላ ጥናት በዓመት ውስጥ ውጋት ይዞን ያውቃል ያሉት ከሯጮች 69 በመቶ፣ ከዋናተኞች 75 በመቶ፣ ከፈረስ ጋላቢዎች ደግሞ 62 በመቶ ነበሩ። ፈረስ የሚጋልብ ሰው እንደ ሯጭ አያለከልክም። ውጋት የትንፋሽ ማጠር ውጤት ቢሆን ኖሮ ጋላቢው በዚህ ዝርዝር ውስጥ ባልገባ ነበር።

ትንፋሽን ከእርምጃ ጋር ማስማማትን የሚመክሩ ሰዎች ሌላ ክርክር ያቀርባሉ። ሯጭ ሁልጊዜ ቀኝ እግሩ መሬት ሲነካ የሚያስተነፍስ ከሆነ፣ ድያፍራሙ ወደ ላይ ሲወጣ ከባዱ ጉበት ወደ ታች ይወርዳል፤ ሁለቱን የሚያያይዙት ጅማቶችም ይሳባሉ ይላሉ። መፍትሔ የሚሉትም በሦስት እርምጃ ስቦ በሁለት እርምጃ ማስወጣት ነው። ድምሩ አምስት፣ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ማስወጫው በቀኝና በግራ እግር ይፈራረቃል። ሐሳቡ ያምራል፤ ነገር ግን ዋናተኛ እግሩ መሬት አይነካም፣ ውጋቱ ግን ከሯጭም በልጦ ያገኘዋል። ውጋት በግራ በኩልም ይመጣል፤ ጉበት ያለው ግን በስተቀኝ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሰው ትንፋሹን ከእርምጃው ጋር የማስማማት ዝንባሌ አለው። ብራምብልና ካሪየር በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ባለአራት እግር እንስሳት ሲጋልቡ በአንድ እመርታ አንድ ጊዜ ሲተነፍሱ፣ ሰው ግን የተለያየ ምጣኔ እንደሚጠቀም አሳይተዋል። በደቂቃ 180 እርምጃ የሚሮጥ ሰው በአራት እርምጃ አንድ ጊዜ ቢተነፍስ በደቂቃ 45፣ በአምስት እርምጃ ቢተነፍስ ደግሞ 36 ትንፋሽ ይኖረዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። እዚህ አካባቢ ሽቅብ ሲሮጥ በደቂቃ 36 ትንፋሽ ላይበቃ ይችላል። ቆጠራው በዝግታ ሩጫ ላይ ፍጥነትን ለመግታት ይጠቅማል፤ ሰውነት ተጨማሪ አየር ሲጠይቅ ግን መታዘዝ ያለበት ለቁጥሩ አይደለም።

ታዲያ ውጋቱ ከምን ይመጣል? እስካሁን ብዙውን ነገር አስማምቶ የሚያስረዳው መላምት የሆድን ግድግዳ ከውስጥ የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ይመለከታል። ይህ ሽፋን ሕመም በደንብ ይሰማዋል። ጨጓራ በምግብ ወይም በፈሳሽ ሲወጠር ይገፋዋል፤ በሩጫው መናወጥም መፋተግ ይጨመርበታል። ውጋቱ ቦታው በጣት ሊጠቆም የሚችል ስለታም ሕመም መሆኑ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ የአንጀት ቁርጠት እንዲህ ቦታው አይለይም። ይበልጥ አሳማኝ የሚመስለኝ ግን አንዳንድ ሰዎች ውጋቱ ሲይዛቸው የትከሻቸው ጫፍ ጭምር መታመሙ ነው። በድያፍራም ሥር ያለውን የሽፋኑን ክፍል የሚያገለግለው ነርቭ ከአንገት የሚነሳ ስለሆነ አንጎል ሕመሙን ከትከሻ የመጣ አድርጎ ይቀበለዋል። የመጠጥ ሙከራዎችም ወደዚሁ ይመራሉ። ለውጋት የተጋለጡ ሰዎች ጠጥተው ሲሮጡ ይብስባቸዋል፤ ሞርተንና ባልደረቦቹ ካነጻጸሯቸው መጠጦች ደግሞ በስኳር የበለጸገው የፍራፍሬ ጭማቂ ከውሃ የባሰ ሆኗል፤ ስኳር የበዛበት መጠጥ ከጨጓራ ለመውጣት ይዘገያልና። ወፍራም በሶና የባሕር ዳር ጭማቂ ቤቶች የማንጎና የአቮካዶ ስፕሪስ ከዚህ ወገን ናቸው።

«ሳልበላም ይወጋኛል፤ ጓደኛዬ ደግሞ በሶውን ጠጥቶ ምንም አይሆንም» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። ሆድ ብቸኛው ምክንያት አይደለም፤ ጀርባቸው የጎበጠ ሰዎች በውጋት ይበልጥ እንደሚጠቁ ታይቷል፤ በወጣቶች ላይም ከጎልማሶች ይልቅ ይበዛል። ሌላው ተቃውሞ ትንፋሽን ማስረዘም ውጋቱን የሚያስታግስ ከሆነ እንዴት መነሻው አይሆንም የሚል ነው። ማስታገሻ መነሻን አያረጋግጥም። ከንፈርን አጥብቦ በቀስታ ማስተንፈስ በሆድ ውስጥ ያለውን ግፊት ይለውጣል፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ሆድን ማጥበቅ ወይም ወገብን በመቀነት መሳብም በኒው ዚላንድ በተደረገ ሙከራ ረድቷል፤ መቀነት ደግሞ ትንፋሽን አያስተካክልም።

የመሸንቲው ወጣት ስለዚህ ከቆጠራው በፊት ቁርሱን ቢያስተካክል ይሻለዋል። በሶውን ወይም ከባድ ምግቡን ከሩጫው ቢያንስ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ይውሰድ፤ ማልዶ መውጣት ካለበት በሶው ሩጫው እስኪያልቅ ይቆየው። ቢጠማው ግማሽ ሊትር በአንዴ ሳይሆን ጉንጭ ጉንጭ ውሃ ይጠጣ፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች በዝግታ፣ ደረቱን ቀና አድርጎ ይሩጥ። ውጋቱ ከመጣ ፍጥነቱን ይቀንስ፣ የሚያመውን ቦታ በእጁ ይጫን፣ በጥልቀት ስቦ በጠባብ ከንፈር ያስወጣ። ካልለቀቀው ያቁም፤ ተራ ውጋት ሩጫው ሲቆም በአብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። በምን ጊዜ ምን ያህል እንደጠጣ ለጥቂት ሳምንታት ቢመዘግብ የራሱን ልክ ያገኘዋል።

ጎንን የወጋ ሕመም ሁሉ ግን በዚህ አይታለፍም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በሚያዝያ 2007 እ.ኤ.አ. የለንደን ማራቶንን አቋርጦ የወጣው ጎኑን ወግቶት፣ መተንፈስም አቅቶት ነበር፤ ችግሩ በአየር ውስጥ ባለ የአበባ ብናኝ የመጣ አለርጂ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት መስከረም ማብቂያ በርሊን ላይ 2፡04፡26 ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ተራ ውጋት ያማል እንጂ አየር አይከለክልም። ትንፋሽ ሲያጥር ደረት የሚያፏጭ ከሆነ፣ ሕመሙ ደረት ላይ ከሆነ ወይም ሩጫው ቆሞ ከቆየ በኋላም ካልለቀቀ መሄድ ያለበት ወደ ጤና ጣቢያ ነው፤ የበሶውን ሰዓት መቀየር ለዚህ አይሠራም።