አርሶ አደሮች ስለ ፀረ ተባይ መርጫ ድሮን አሠራርና ስለ ጥንቃቄ እርምጃዎች ገለጻ ተደረገላቸው

በአንድ ስንዴ አምራች ቀበሌ በዋግ በሽታ መከላከል ላይ ለአርሶ አደሮች በተሰጠ ገለጻ፣ ፀረ ተባይ የሚረጭ ድሮን እንዴት እንደሚሠራና አንቀሳቃሾቹ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያደርጉ ተብራርቷል።

በገለጻው መጀመሪያ አንድ አዛውንት አርሶ አደር ጥያቄ አንስተዋል። አንድ ሄክታር ስንዴ ለመርጨት በጀርባ የሚታዘለውን ባለ 20 ሊትር መርጫ 10 ጊዜ እንደሚሞሉ ገልጸው፣ "ይህ መሣሪያ በ10 ሊትር ብቻ ማሳዬን ከዋግ ያድንልኛል ብዬ እንዴት ልመን?" ብለዋል።

የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያው በሰጡት ምላሽ፣ የሚቀንሰው የውሃው መጠን እንጂ የመድኃኒቱ መጠን እንዳልሆነ አስረድተዋል። ለዋግ መከላከያ የሚውለው ፕሮፒኮናዞል 250 ኢሲ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ግማሽ ሊትር ነው። ይህ መጠን በጀርባ መርጫ በ200 ሊትር፣ በድሮን ደግሞ በ10 ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ይበጠበጣል። ስለዚህም በድሮኑ ታንከር ውስጥ ያለው ብጥብጥ 20 እጥፍ የጠነከረ ይሆናል። መድኃኒቱ በዚህ ዓይነት ዝቅተኛ የውሃ መጠን እንዲረጭ በዕቃው ላይ የተለጠፈው መመሪያ የማይፈቅድ ከሆነ በድሮን መርጨት እንደማይገባም ባለሙያው አሳስበዋል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መጠቀምን የሚከለክል መሆኑንም አስታውሰዋል።

ድሮኑ የሚገኝበትን ቦታ ከሳተላይት በሚያገኘው መረጃ ይለያል፣ ከሰብሉ በላይ ያለውን ከፍታ ደግሞ በራዳር ይጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከሰብሉ ከ2 እስከ 3 ሜትር ከፍ ብሎ ይበራል። የክንፎቹ ነፋስ ጠብታዎቹን ወደታች ገፍቶ በቅጠሎቹ መካከል ያስገባቸዋል። ከዚህ በታች ቢወርድ ሰብሉን ሊያጋድም፣ ከዚህ በላይ ቢወጣ ደግሞ ብናኙ በነፋስ ሊወሰድ ይችላል።

ባለሙያው ልኬቱን በምሳሌ አሳይተዋል። ድሮኑ በሰከንድ 4 ሜትር እየተጓዘ 4 ሜትር ስፋት ቢረጭ፣ በደቂቃ 960 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለሄክታር 10 ሊትር እንዲደርስ በደቂቃ 960 ሚሊ ሊትር መርጨት ይኖርበታል። አራት ኖዝል ካለው የእያንዳንዱ ድርሻ 240 ሚሊ ሊትር ነው። በመሆኑም አንቀሳቃሹ ከሥራ በፊት ታንከሩን በንጹህ ውሃ ሞልቶ የየኖዝሉን ፈሳሽ ለአንድ ደቂቃ በመለኪያ ዕቃ ይቀበላል። ከሌሎቹ ያነሰ የሚሰጠው ኖዝል የተደፈነ ነው። ይህ ሳይታይ ከታለፈ ግን ስህተቱ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ፣ በማሳው ላይ ዋግ ያለበት ቀጥ ያለ መስመር ሲወጣ ነው።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የተሰጠው የነፋስ ጉዳይ ነው። ነፋሱ በሰከንድ ከ3 ሜትር በላይ ሲሆን ሥራውን ማቆም እንደሚመረጥ ተገልጿል። ሆኖም ፍጹም ጸጥ ያለ ማለዳም አስተማማኝ አይደለም። የቤት ጭስ ወደላይ ሳይወጣ በመሬት ላይ ተዘርግቶ ከታየ፣ ቀዝቃዛው አየር ከታች ታፍኗል ማለት ነው። ረቂቅ ጠብታዎችም በዚሁ መንገድ ሳይወድቁ ሩቅ ሊሄዱ ይችላሉ። የሚረጨው 2,4-ዲ የተባለው ፀረ አረም ከሆነ፣ ስንዴውን ሳይጎዳ የጎረቤትን ባቄላ ወይም ሽምብራ ሊያጠፋ ይችላል። በዚህ ምክንያት ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ባለው ዳርቻ ሳይረጭ የሚተው መሬት ይከለላል። የምንጭና የወንዝ ዳር አይረጭም። ንብ አናቢዎችም አስቀድመው ይነገራቸዋል።

ሥራው በሁለት ሰዎች ይከናወናል። አንዱ መቆጣጠሪያውን ሲይዝ፣ ሌላው ድሮኑን በዓይኑ ይከታተላል፤ ሰውና ከብት እንዳይጠጉም ይጠብቃል። ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከራዳሩ ሊያመልጥ ስለሚችል፣ ከበረራው በፊት ማሳው በእግር ይታያል። ድሮኑ በራሱ የሚመለስበት ከፍታም ከባሕር ዛፉና ከሽቦው በላይ እንዲሆን ይስተካከላል። ክንፎቹ ፈጽመው ሳይቆሙ ማንም አይጠጋም። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል አገልግሎት ላይ አይውልም።

ብጥብጡ የጠነከረ በመሆኑ ከፍተኛው አደጋ የሚያጋጥመው በሚበጠብጠው ሰው ላይ መሆኑን ባለሙያው አመልክተዋል። ስለሆነም ጓንት፣ መነጽር፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲሁም ቦቲ ጫማ ያደርጋል። ታንከሩን እስከ ግማሽ በውሃ ሞልቶ መድኃኒቱን ይጨምራል፣ ቀጥሎም ቀሪውን ውሃ ይሞላል። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፣ እጣቢው ወደ ታንከሩ ይመለሳል፣ ዕቃውም ለውሃ መቅጃ እንዳይውል ይበሳል።

ጠያቂው አርሶ አደር በበኩላቸው፣ ከርጭቱ በፊት የየኖዝሉ ፈሳሽ በፊታቸው እንዲለካ እንደሚጠይቁ ተናግረዋል። ባለሙያውም ይህ የማሳው ባለቤት መብት መሆኑን፣ ርጭቱ ሲያበቃ በታንከሩ ውስጥ ፈሳሽ ተርፎ ከተገኘም ማሳው የሚገባውን መጠን አለማግኘቱን እንደሚያመለክት አስረድተዋል።